አዳር እየሠሩና ቤተሰብ እያስታመሙ ለነርሲንግ የመጨረሻ ፈተና መዘጋጀት፦ አራት የክለሳ ፕሮግራሞች ሲነጻጸሩ

ለነርሲንግ የመጨረሻ ፈተና የሚዘጋጁ የክለሳ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ተማሪ ያስባሉ፤ ሌሊት የሚተኛ፣ ጠዋት የሚነሳ፣ ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍት የሚቀመጥ። በሳምንት ሦስት አራት ሌሊት አዳር የሚገባ፣ ቤት ሲመለስ ደግሞ ልጅ ወይም የታመመ ወላጅ የሚጠብቀው ተማሪ ይህንኑ ፕሮግራም ገልብጦ ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ያልተጠናው ከተጠናው ይበልጥበትና ይተወዋል። ተማሪው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ፕሮግራሙ ጥናቱን ያስቀመጠው እንቅልፍ ሊኖር በሚገባው ቦታ ላይ ነው።

አዳር ለሚሠራ ሰው በተግባር አራት አማራጮች አሉ። አንደኛው ከሥራ እንደወጡ ሳይተኙ ማጥናት ነው። ሁለተኛው መጀመሪያ ተኝቶ ከሰዓት በኋላ ማጥናት ነው። ሦስተኛው ጥናቱን በሙሉ ሥራ በሌለበት ቀን ላይ ማከማቸት ነው። አራተኛው በየመሀሉ በሚገኝ የ10 እና የ20 ደቂቃ ቁርጥራጭ መሥራት ነው። ሁሉም ሰው በመጨረሻ ማቀላቀሉ አይቀርም፤ ነገር ግን አንዱ ዋና ምሰሶ መሆን አለበት። የትኛው ምሰሶ መሆን እንዳለበት ለመወሰን መመዘኛው መቅደም ይኖርበታል።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ እንቅልፍ ነው። ከአዳር በኋላ ቀን ላይ የሚተኙት እንቅልፍ፣ ክፍሉ ጨለማና ጸጥተኛ ቢሆን እንኳ፣ ሌሊት ከሚተኙት ያጥራል። የሰውነት ሰዓት ቀን ላይ መንቃትን ስለሚገፋ ብዙ ሰው ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ተኝቶ ይነቃል። ስለዚህ ከዚያ ላይ አንድ ሰዓት የሚቀንስ ፕሮግራም የሚቀንሰው ከትርፍ ሳይሆን ከጎደለው ላይ ነው። የተጠናውም ነገር በማስታወስ ውስጥ የሚረጋው በእንቅልፍ ጊዜ ስለሆነ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል።

ሁለተኛው፣ በዚያ ሰዓት አእምሮ ምን ዓይነት ሥራ መሥራት ይችላል የሚለው ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የዓይንና የእጅ ቅንጅት በሚጠይቅ ሥራ ላይ የሚያሳየው ድክመት፣ የደሙ አልኮል 0.05 በመቶ ከደረሰ ሰው ጋር እንደሚቀራረብ አሳይቷል። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የነቃ የአዳር ተረኛ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከዋርድ ሲወጣ በትክክል 17ኛው ሰዓት ላይ ነው።

ሦስተኛው፣ ፕሮግራሙ ሲሰበር ምን ያህሉ ይተርፋል የሚለው ነው። ልጅ ያተኩሰዋል፤ የሚተካው ባልደረባ ሳይመጣ ቀርቶ ርክክቡ ይዘገያል። ቤተሰብ የሚያስታምም ሰው ፕሮግራም በየሳምንቱ አንድ ጊዜ እንደሚሰበር ታስቦ ካልተሠራ እውነተኛ ፕሮግራም አይደለም።

አራተኛው የፈተናው ሰዓት ነው። የጽሑፍ ፈተና ብዙውን ጊዜ ጠዋት ስለሚሰጥ ለስምንት ሳምንት ጠዋት ጠዋት ሲተኛ የከረመ ሰው በፈተናው ቀን አእምሮው የሚነቃው ከሰዓት በኋላ ይሆናል። ፕሮግራሙ መጨረሻው ላይ ወደ ጠዋት የሚዞርበት መንገድ ሊኖረው ይገባል።

ከአዳር እንደወጡ ማጥናት

የሚስበው ምክንያት ግልጽ ነው። ነቅተዋል፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሄደዋል፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ «ሁለት ሰዓት አንብቤ ልተኛ» ያሰኛል። ከአራቱ አማራጮች ግን እንደ ዋና ምሰሶ በጣም ደካማው ይሄ ነው።

ችግሩ የሚታየው በንባብ ላይ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር፤ አንድ አንቀጽ ሦስት ጊዜ ማንበብዎን ያውቁታልና ያቆማሉ። ስሌት ላይ ግን ድካሙ ራሱን ይደብቃል። 1000 ሚሊ ሊትር ፍሉድ በ8 ሰዓት እንዲያልቅ ታዟል፣ የድሪፕ ሴቱ በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ይሰጣል እንበል። 1000 በ20 ተባዝቶ ለ480 ደቂቃ ሲካፈል 41.7 ይመጣል፤ በደቂቃ 42 ጠብታ ማለት ነው። የደከመ ሰው ከቀደመው ጥያቄ 15 የሚለው ቁጥር ጭንቅላቱ ውስጥ ቀርቶ 31 ያወጣል። 31ም ሆነ 42 ለዓይን ትክክል ስለሚመስሉ ስህተቱ አይያዝም፤ ተማሪው ደግሞ «ስሌት ጨርሻለሁ» ብሎ ምልክት ያደርጋል።

ሌላው ጉዳት ወደ እንቅልፉ የሚሄድ ነው። በጠዋቱ ብርሃን ሁለት ሰዓት በቆዩ ቁጥር ለመተኛት ይበልጥ ይከብዳል። ጠዋት 2:30 መተኛት የነበረበት ሰው 4:30 ላይ ይተኛል፣ ልጅ ማምጫ ሰዓት ስለማይገፋ የሚጠፋው ሁለት ሰዓት በሙሉ ከእንቅልፉ ነው።

ከዚህ አማራጭ መቅረት የሌለበት አንድ ትንሽ ነገር አለ። ከመተኛትዎ በፊት 10 ደቂቃ ብቻ፣ መጽሐፍ ሳይገልጡ፣ በሌሊቱ ካዩት አንድ ነገር ላይ የሚያውቁትን በባዶ ወረቀት ይጻፉ። ዲጎክሲን የሚወስድ በሽተኛ ከነበረ፣ ከመስጠት በፊት የልብ ምት በስቴቶስኮፕ አንድ ደቂቃ ሙሉ ለምን እንደሚቆጠርና ፖታሲየም ሲያንስ ለምን እንደሚያሰጋ ይጻፉ። የጎደለውን ከእንቅልፍ በኋላ ያዩታል።

መጀመሪያ ተኝቶ ከሰዓት ማጥናት

ለአብዛኛው የአዳር ተረኛ ዋና ምሰሶ መሆን ያለበት ይሄ ነው። የሚገኘው ሰዓት ትንሽ ነው፤ በሥራ ቀን ከ45 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ነገር ግን ያረፈ ሰው 45 ደቂቃ ነው።

እንዲሠራ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛው በእንቅልፉ ሰዓት ቤት ውስጥ ኃላፊነቱን የሚረከብ ሰው መኖሩ ነው። ስም ያለውና ሰዓቱ የታወቀ ሰው መሆን አለበት፤ «እናያለን» ከሆነ እርስዎ የሚተኙት በግማሽ ጆሮ ነው። የሚያስታምሙት ሰው ራሱን መገልበጥ የማይችል ከሆነ ቆዳው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ሰው ያስፈልገዋል፤ ያንን እየሠሩ አምስት ሰዓት መተኛት አይቻልም። ሁለተኛው ቡና ነው። ካፌይን ከተወሰደ አምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ ገና ሰውነት ውስጥ ነው። ጠዋት 2:30 የሚተኛ ሰው የመጨረሻውን ስኒ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መጨረስ አለበት። ብዙዎች ግን በጣም የሚያንገላጅጀው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ይጠጡና ቀን ለምን እንደነቁ ይገርማቸዋል።

ከተነሱ በኋላ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ለጥናት አይሆንም፤ እንቅልፉ ገና ከጭንቅላት አልወጣም። ለመታጠብ፣ ለመብላት፣ ለበሽተኛው መድኃኒት ያውሉት። ከዚያ በኋላ ያለው 45 ደቂቃ በንባብ እንዲያልቅ አይፍቀዱ። አምስቱን ደቂቃ ባለፈው የተጠናውን ሳያዩ በማስታወስ፣ ሃያ አምስቱን 15 ጥያቄ በመሥራት፣ ቀሪዎቹን አሥራ አምስት ደቂቃ የተሳቱትን በመመርመር ያሳልፉ። የኋለኛው ክፍል ዋናው ነው፤ ሰዓት ሲጠብ ብዙ ሰው የሚቆርጠው ግን እሱን ነው።

መመርመር ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ጥያቄ እንየው። ለፕሪኤክላምፕሲያ ማግኒዥየም ሰልፌት በደም ሥር የሚሰጣት እናት የትንፋሽ ቁጥሯ በደቂቃ 10 ሆኗል፣ የጉልበት ሪፍሌክሷ ጠፍቷል፣ ሽንቷ በሰዓት 20 ሚሊ ሊትር ነው። ነርሷ መጀመሪያ ምን ታደርጋለች? ተማሪዋ «ካልሲየም ግሉኮኔት መስጠት» የሚለውን መረጠች። መልሱ ግን ማግኒዥየሙን ማቆም ነው፤ እርዳታ መጥራት፣ ትንፋሹን መደገፍና ካልሲየም ግሉኮኔት መስጠት ይከተላል። አሁን ጥያቄው ተማሪዋ ለምን ተሳሳተች ነው። መመረዙን አውቃለች፣ ማርከሻውንም አውቃለች፤ የሳተችው ቅደም ተከተሉን ነው። ስለዚህ የእርግዝና ደም ግፊትን ምዕራፍ እንደገና ብታነብ ሁለት ሰዓት ታባክናለች። የሚያስፈልጋት «መጀመሪያ ምን» የሚሉ አሥር ጥያቄዎች ናቸው፤ ከደም መውሰድ አለርጂ፣ ከኢንሱሊን፣ ከመተንፈሻ ችግር የተቀላቀሉ። በስህተት ደብተሯ ላይ የምትጽፈው ሦስት ነገር ነው፦ ምን መረጥኩ፣ ለምን መረጥኩ፣ ደንቡ ምንድን ነው። እዚህ ላይ ደንቡ «ጉዳቱን የሚያደርሰው ነገር ገና እየገባ ከሆነ ቀድመሽ አቁሚ» ነው።

ይህ አማራጭ የሚበላሽበት ምልክት አለው። እንቅልፍዎ ከአራት ሰዓት ካነሰ የጥናቱን 45 ደቂቃ ይሰርዙና በቦታው ይተኙ። ይህ ውሳኔ በዚያች ቀን መወሰን የለበትም፤ ደንብ ሆኖ ቀድሞ ፕሮግራሙ ላይ ይጻፍ፣ አለዚያ ጸጸቱ ያሸንፋል።

የዕረፍት ቀን ላይ ማከማቸት

ሦስት አዳር ተከታትሎ ከዚያ በኋላ አራት ቀን ነፃ መሆኑ በወረቀት ላይ ያማልላል። ሆኖም የመጀመሪያው ቀን የእንቅልፍ ዕዳ መክፈያ ነው፤ በቀሩት ቀናት ደግሞ ሲጠራቀም የከረመው የቤት ሥራም የሚጠብቀው እርስዎን ነው። አንድ ቀን ላይ ስምንት ሰዓት ቢያጠኑ፣ ያው ስምንት ሰዓት በአምስት ቀን ተከፋፍሎ ቢሆን የሚያስታውሱትን ያህል ከሁለት ሳምንት በኋላ አያስታውሱም። ቀኑ ከተሰበረ ደግሞ ሳምንቱ በሙሉ ሄደ።

ሁለት ነገሮች ግን ያለ ዕረፍት ቀን አይሠሩም። ሙሉ ፈተና በሰዓት ተይዞ መሥራት አንዱ ነው። ሌላው የተግባር ፈተና ልምምድ ነው፤ የካቴተር አገባብ ወይም የቁስል አያያዝ እጅ እያንቀሳቀሱ፣ እያንዳንዱን እርምጃ ጮክ ብለው እየተናገሩ፣ አንድ ሰው የማረሚያ ቅጹን ይዞ እየተከታተለ ካልሆነ አይለመድም። የሚያስታምሙት ዘመድ ፈቃደኛ ከሆነ የደም ግፊት አለካክንና ከአልጋ ወደ ወንበር ማዛወርን ሲለማመዱ «በሽተኛ» ይሁንልዎ።

በቁርጥራጭ ሰዓት

ልጅ የሚጠበቅበት ሩብ ሰዓት፣ የመኪና ወረፋ፣ የእናት እግር እንቅስቃሴ በሚሠራበት ጊዜ መሀል ያለው ትንሽ ዕረፍት። ከአራቱ አማራጮች ሲሰበር በጣም የሚተርፈው ይሄ ነው፤ የጠፋው ሁሉ 10 ደቂቃ ብቻ ነውና። የሚመቸው በካርድ ለሚያዝ ነገር ነው፦ የፖታሲየም መደበኛ መጠን ከ3.5 እስከ 5.0፣ የሄፓሪን ማርከሻ ፕሮታሚን ሰልፌት፣ አፕጋር የሚለካው በ1ኛውና በ5ኛው ደቂቃ። አዲስ ምዕራፍ ለመረዳት አይሆንም፤ የኩላሊት ድካምን በአራት ቁርጥራጭ የጀመረ ሰው አራት ጊዜ መግቢያውን ያነባል።

ካርዶቹን በአራት ፖስታ ይክፈሉ፤ 1፣ 3፣ 7 እና 14 ቀን ብለው ይጻፉባቸው። የመለሱት ካርድ ወደሚቀጥለው ፖስታ ያልፋል፣ የሳቱት ወደ 1 ይመለሳል። ከቦርሳዎ የማይወጡት የ1 እና የ3 ፖስታዎች ብቻ ናቸው።

በሥራ ቦታ ያለውን ዕረፍት በተመለከተ ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ንቃት ከሁሉም ዝቅ የሚልበት መሆኑን ያስቡ። ክፍልዎ የሚፈቅድ ከሆነና የሚረከብ ካለ፣ በዚያ ሰዓት የ20 ደቂቃ ሸለብታ ከ20 ደቂቃ ካርድ ይበልጣል። ለበሽተኞችዎም ደኅንነት ይሄው ይሻላል። ካርዱን ከሌሊቱ 5 ሰዓት በፊት ባለው ዕረፍት ያድርጉት።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| አማራጭ | እንቅልፍን | የሚመቸው ሥራ | ሲሰበር | ሚናው |
|---|---|---|---|---|
| ከአዳር እንደወጡ | በጣም ይጎዳል | 10 ደቂቃ ማስታወስ | እንቅልፍ ይዞ ይሄዳል | ማሟያ ብቻ |
| ተኝቶ ከሰዓት | ይጠብቃል፣ ተረካቢ ሰው ካለ | ጥያቄና ስህተት ምርመራ | 45 ደቂቃ ይጠፋል | በአዳር ቀናት ዋና ምሰሶ |
| የዕረፍት ቀን | አይነካም፣ የመጀመሪያው ቀን ካልተነካ | ሙሉ ፈተና፣ ተግባር፣ አዲስ ምዕራፍ | ብዙ ይጠፋል | ተኝቶ ከሰዓት ከማጥናት ጋር ተጣምሮ |
| ቁርጥራጭ | አይነካም | ካርድ | ምንም አይጎዳም | በየቀኑ ደጋፊ |

አንድ ሳምንት ተሠርቶ ሲታይ

ፈተናዋ ስምንት ሳምንት የቀራትን ተማሪ እንውሰድ። ክፍል ጨርሳለች። ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት አዳር ትሠራለች፤ መንገዱ በአንድ ጉዞ 45 ደቂቃ ነው። ስትሮክ ካገኛቸው በኋላ በአንድ ጎናቸው የደከሙ፣ ግን በከዘራ የሚሄዱ እናት አሏት፤ የስድስት ዓመት ልጇን 9:30 ላይ ከትምህርት ቤት ታመጣለች። ወንድሟ ሌሊት ቤት ያድራል፣ ጠዋት ልጁን ይዞ ይወጣል፣ ማታ 11 ሰዓት ይመለሳል። አክስቷ ከአዳር በምትመለስባቸው ሦስት ቀናት ከጠዋቱ 2:30 እስከ 8 ሰዓት ከእናቷ ጋር ይቀመጣሉ።

ሳምንቱ 168 ሰዓት ነው። ሥራና መንገድ 40.5 ይወስዳል። በቀን ሰባት ሰዓት እንቅልፍ 49 ነው። እናትና ልጅ በአማካይ በቀን አራት ሰዓት ተኩል፣ 31.5። የቤት ሥራና የራሷ ነገር በቀን ሦስት ሰዓት፣ 21። ድምሩ 142 ስለሚሆን የሚቀረው 26 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «26 ሰዓት አለኝ» ብሎ ይሳሳታል። ከዚህ ውስጥ ግማሹ በየመሀሉ የተበጣጠሰ ወይም የደከመ ሰዓት ነው፤ 13 ይቀራል። ለሚሰበረው ደግሞ አንድ አምስተኛውን ይተዉለት፤ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ፕሮግራሙ መሠራት ያለበት በዚህ አሥር ሰዓት ላይ ነው።

ሰኞ ሌሊቱን ተኝታ ያደረች ስለሆነ ጠዋት ከ3:30 እስከ 5:30 አዲስ ምዕራፍ ታጠናለች፤ ከ7 እስከ 8:30 አዳሩን የሚያስችላትን የአንድ ሰዓት ተኩል እንቅልፍ ትተኛለች። ማክሰኞና ረቡዕ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 8 ትተኛለች፣ ከ8:30 እስከ 9:15 የጥያቄ ክፍሏን ትሠራለች፣ ወንድሟ ሲመለስ 11 ሰዓት ላይ ግማሽ ሰዓት ትጋደማለች። ይህ ሸለብታ ወይ ግማሽ ሰዓት ወይ አንድ ሰዓት ተኩል ይሁን፤ አንድ ሰዓት ተኝቶ የሚነቃ ሰው ብዙ ጊዜ ከጥልቅ እንቅልፍ ስለሚነሳ ደንዝዞ ሥራ ይገባል። ሐሙስ ከመጨረሻው አዳር ወጥታ አራት ሰዓት ብቻ፣ እስከ 6:30፣ ትተኛለች፤ ጥናት የለም፣ ማታ 3 ሰዓት አልጋ ውስጥ ናት። ሐሙስ ቀን ጠግባ ብትተኛ ሌሊቱን ነቅታ ታድርና ዓርብም ይበላሻል። ዓርብ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ቅዳሜ ልጁ ሳይነሳ ከማለዳው 11:30 እስከ 1 ሰዓት፣ እሑድ ወንድሟ ቤት ሲሆን ሁለት ሰዓት። ድምሩ 9 ሰዓት ከሩብ፤ በየቀኑ በሚሠራው የካርድ ቁርጥራጭ ወደ አሥር ይደርሳል። የሳምንቱ እንቅልፍ ሲደመር 48 ሰዓት ተኩል ነው።

ሰባት ሳምንት አሥር አሥር ሰዓት፣ የመጨረሻው ሳምንት አምስት፤ በጠቅላላ 75 ሰዓት። ይህን ከማከፋፈሏ በፊት ከሁሉም ትምህርት የተቀላቀሉ 60 ጥያቄዎችን ትሠራለች፤ ፈተናው ለየትምህርቱ የሚሰጠውን ድርሻና የሳተችውን አጣምራ ታያለች። ለምሳሌ ለሜዲካልና ሰርጂካል ነርሲንግ 22፣ ለእናቶችና ሕፃናት 17፣ ለፋርማኮሎጂና ስሌት 12፣ ለማኅበረሰብ ጤናና መሠረታዊ ነርሲንግ 8፣ ለሥነ አእምሮ 6፣ በሰዓት ለሚያዙ ሙሉ ፈተናዎች 10። ስሌት በአንድ ሳምንት ተጠናቅቆ የሚዘጋ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ክፍል መግቢያ ላይ ሦስት ሦስት ጥያቄ እየሆነ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል።

እናቷን ማስታመሟም ለክለሳው ይሆናታል፣ በጥያቄ ከታሰረ ብቻ። ምግብ ከመስጠቷ በፊት መዋጥ መቻላቸውን ለምን እንደምታይ፣ ደካማው ክንድ ለምን እንደሚደገፍ ራሷን ጠይቃ በቃሏ ከመለሰች ተከልሷል። ዝም ብሎ መሥራት ብቻውን ፈተና ላይ አይመልስም።

ሲሰበር

ያመለጠ ክፍል በማግስቱ ላይ አይደረብም። አንድ ቀን ሁለት ክፍል የተሸከመ ፕሮግራም በሦስተኛው ቀን አራት ይሸከማል። ያመለጠው ወደ እሑዱ ሁለት ሰዓት ይሄዳል፤ እዚያ ካልገባ ይሰረዛል። ሲሰረዝ መጀመሪያ የሚወጣው አዲስ ንባብ ነው፣ ቀጥሎ ካርድ፤ የስህተት ምርመራ መጨረሻ ላይ ይቀራል።

በአንድ ሳምንት ሦስት ክፍል ካመለጠ ችግሩ ዕድል አይደለም፤ የ10 ሰዓቱ ግምት ትልቅ ነበር ማለት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሰባት ያድርጉት። ቀድሞ 11 ከ15 ያገኙበት ርዕስ ላይ በሁለት ተከታታይ ክፍል 7 ካገኙ ደግሞ ይህን ጊዜ የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን እንቅልፍ ነው፤ ሁለት ቀን ጥናት አቁመው ይተኙ።

ለየትኛው ሁኔታ የትኛው

በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት አዳር የሚሠሩና የሚተካቸው ሰው ያለ፣ ከላይ የተሠራውን ሳምንት መውሰድ ይችላሉ። አዳሮቹ ተከታታይ እንዲሆኑ ቢጠይቁ ይሻላል፤ ተበታትነው ሲገቡ እያንዳንዱ አዳር የራሱን የማገገሚያ ቀን ይበላል።

በሳምንት አምስት አዳር የሚሠሩ፣ በዕረፍት ቀናቸው ወደ ሌሊት እንቅልፍ ሙሉ በሙሉ ባይገለበጡ ይሻላል። ለምሳሌ በሥራ ቀን ከጠዋቱ 2:30 እስከ 8፣ በዕረፍት ቀን ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ቢተኙ የሚጋሩት ጊዜ የሰውነትን ሰዓት ለማጽናት ይረዳል። ዋናው ጥናታቸውም በሁሉም ቀን ከሰዓት በኋላ ይሆናል።

ሌሊትም ቀንም የሚያስነሳ ሕፃን ወይም የአልጋ ቁራኛ ያለባቸው በሳምንት ከስድስት ሰዓት በላይ አያቅዱ። ለእነሱ ቁርጥራጩ ምሰሶ ይሆናል፣ ከዚያ በተጨማሪ ሰው ተለምኖ የሚገኝ አንድ የሁለት ሰዓት ክፍል። ስድስት ሰዓት ለሁሉም ትምህርት ስለማይበቃ በሁሉም ክፍል ተደጋግሞ የሚመጣውን ያስቀድሙ፦ የመድኃኒት ስሌት፣ «መጀመሪያ ምን» የሚሉ ጥያቄዎች፣ ኢንፌክሽን መከላከል፣ የወሊድ ድንገተኛ ችግሮች። ሦስት ሳምንት ተሞክሮ አራት ሰዓት እንኳ ካልተገኘ፣ ደንቡ የሚፈቅድ ከሆነ አንዱን ፈተና ስለማዘግየት ወይም ፈቃድ ስለመውሰድ ከትምህርት ክፍሉ ጋር የመነጋገሪያው ጊዜ ያኔ ነው፤ በመጨረሻው ሳምንት ብዙ በሮች ተዘግተው ይቆያሉ።

የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት

የሰውነት ሰዓት በቀን አንድ ሰዓት ገደማ እንጂ በአንዴ አይዞርም። ስለዚህ ከፈተናው በፊት ያሉት ሦስት ሌሊቶች ቢያንስ ከአዳር ነፃ መሆን አለባቸው፤ አምስት ከተገኘ ይበልጥ ጥሩ። የዱቲ ፕሮግራሙ የሚወጣው ከሳምንታት በፊት ስለሆነ መቀያየሩ የሚጠየቀው የፈተናው ቀን በታወቀ ዕለት ነው። በምላሹ ቀድመው በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ሁለት ተጨማሪ አዳር ለባልደረባ ቢሠሩ እንኳ ያዋጣል፤ በእነዚያ ሳምንታት የሚጠፋው አንድ ሁለት ክፍል ነው፣ በፈተናው ዋዜማ የሚጠፋው ግን የስምንቱ ሳምንት ሥራ ነው።

በእነዚህ ቀናት ጠዋት እንደተነሱ ወደ ብርሃን ይውጡ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ቡና አይጠጡ፤ በሰዓት የሚያዙትን ሁለት ሙሉ ፈተናዎች ፈተናው በሚጀምርበት ሰዓት ይሥሩ። አዲስ ምዕራፍ አይከፈትም፤ የሚገለጠው የስህተት ደብተሩ ብቻ ነው። ቤት ውስጥም በፈተናው ዋዜማ ሌሊት ለሚያስታምሙት ሰው የሚነሳው ማን እንደሆነ፣ የጠዋቱን መድኃኒት የሚሰጠው ማን እንደሆነ በስም ይወሰን፤ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠንና ሰዓት ተጽፎ አልጋው አጠገብ ይለጠፍ። ሌሊት ቀስቅሰው እንዳይጠይቁዎ የሚያደርገው ያ ወረቀት ነው።